አንድ ወረቀት፣ አንድ አበባ፣ ሦስት ዓይን፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ዕቅዱ

ለሰው ዓይን በማይታየው በአልትራቫዮሌት ብርሃን የተነሱ የአበባ ፎቶዎችን ሳታዩ አትቀሩም። ለእኛ ወጥ ቢጫ የሆነው አበባ መሀሉ ጠቁሮ፣ ዳሩ ነጥቶ፣ ዒላማ መስሎ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ከሥሩ «ንብ የምታየው ይህን ነው» ተብሎ ይጻፋል። ነገሩ ግማሹ እውነት ነው። ንብ አልትራቫዮሌትን በእርግጥ ታያለች። ፎቶው ላይ ያለውን ጥራት ግን አታይም። ጥራቱ የካሜራው ነው።

ስለ ንስርም የሚወራው እንዲሁ ነው። «ከሰው ስምንት እጥፍ አጥርቶ ያያል» ሲባል እንሰማለን። በደንብ ከተለኩት አዳኝ ወፎች አንዱ የአውስትራሊያው ባለሽብልቅ ጭራ ንስር ነው። የሱ ልክ ከሰው ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ነው። ይህም ቢሆን የሚያስገርም ነው፤ ስምንት ግን አይደለም።

ስለዚህ ሁለት ነገር በእጄ ልሠራ ተነሳሁ። አንደኛው፣ አንድ መስመር መስመር ያለው ወረቀት አትሜ እኔ፣ ንስር እና ንብ ከየት ርቀት ድረስ መስመሮቹን መለየት እንደምንችል ማወቅ። የኔን እለካለሁ፣ የነሱን በታወቀው ልክ አሰላለሁ። ሁለተኛው፣ አንድ የሱፍ አበባ በአልትራቫዮሌት አንስቼ፣ ፎቶውን በንብ ዓይን ልክ ማደብዘዝ። ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ያ ዝነኛ ዒላማ ለንቧ የሚታያት ከምን ያህል ርቀት ጀምሮ ነው?

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ወረቀቱ

የዓይን ጥራት የሚለካው «በአንድ ዲግሪ ውስጥ ስንት ጥንድ መስመር ይለያል» በሚለው ነው። አንድ ጥንድ ማለት አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ መስመር ነው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ የትንሿን ጣታችሁን ጥፍር ብታዩ ስፋቷ ወደ አንድ ዲግሪ ይሆናል። ሐኪም ቤት የፊደል ሰሌዳ ላይ «ጤናማ ነው» የሚባል ዓይን በዚያች ጥፍር ስፋት ውስጥ 30 ጥንድ ይለያል። በጣም ጥሩ ዓይን በጥሩ ብርሃን ወደ 60 ይጠጋል። ያ ንስር ወደ 140 ይደርሳል። የማር ንብ ደግሞ ሩብ ጥንድ ገደማ ብቻ ነው፤ በሙከራ የተገኘው 0.26 ነው። አንድ ሙሉ ጥንድ ለማየት ወደ አራት ዲግሪ የሚጠጋ ስፋት ትፈልጋለች ማለት ነው።

ያተምኩት መስመር እያንዳንዱ 1.5 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ ጥንዱ 3 ሚሊሜትር። እዚህ ላይ ማተሚያው ያታልላል። «ከወረቀቱ ጋር አስማማ» የሚለው ምርጫ ክፍት ከሆነ ምስሉን ትንሽ ያጠበዋል፤ ስሌቱ ሁሉ ይዛባል። በትክክለኛ መጠኑ እንዲታተም አዝዞ፣ ከዚያ አሥር ጥንድ በማስመሪያ መለካት ነው። 30 ሚሊሜትር ከመጣ ልክ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ለዓይኑ አንድ ጥንድ የሚይዘውን ማዕዘን ዲግሪውን ለ57.3 ከፍሎ ወደ ራዲያን መለወጥ፣ ከዚያ የጥንዱን ስፋት በሱ ማካፈል ነው። ለ30ው ዓይን 5.2 ሜትር ይመጣል። ለ60ው 10.3 ሜትር። ለንስሩ 24 ሜትር። ለንቧ 4.5 ሴንቲሜትር።

ይህን የመጨረሻውን ቁጥር ሳየው ቆም አልኩ። እኔ ከክፍሉ ጫፍ የምለየውን መስመር ንቧ ለመለየት ወረቀቱ ላይ ልታርፍ ምንም አይቀራትም።

ቅዳሜ ማታ ሳይመሽ፣ ልኬቱ

ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ወደ ኋላ እየሄዱ «አሁንም ይታየኛል» ማለት አይሠራም። መስመር መኖሩን ያወቀ ሰው የሌለ መስመር ያያል። ስለዚህ እህቴን ለመንኳት። ወረቀቱን ክብ አድርገን ቆረጥነው፣ መሀሉን በመርፌ ወጋነው። ዓይኔን ስጨፍን እሷ ታዞረዋለች፦ ወይ ቁም፣ ወይ አግድም፣ ወይ ወደ ቀኝ ያዘነበለ፣ ወይ ወደ ግራ።

«ታየኝ አትበለኝ፣ ወዴት እንደዞረ ንገረኝ» አለችኝ። ዋናው ደንብ ይኸው ነው። በግምት ብቻ ከአራት አንዱን መምታት ይቻላል፤ ስለዚህ አብዛኛውን በትክክል የምመልስበትን የመጨረሻ ርቀት ነው የምይዘው።

በ5 ሜትር ጥርት ብሎ ይታያል። በ7 ሜትር መስመሮቹ እየቀጠኑ ሄዱ፤ አቅጣጫቸው ግን ይታወቃል። የኔ ወሰን 7.7 ሜትር ገደማ ሆነ። ይህ በዲግሪ 45 ጥንድ ነው። ከዚያ አለፍ ሲል ወረቀቱ ወጥ ግራጫ ነው። ድብዝዝ ያለ መስመር አይደለም የሚታየው፤ ጭራሽ መስመር የለም። ያዘነበሉትን መስመሮች ከቁሙና ከአግድሙ ቀድሜ አጣኋቸው፤ ይህ የኔ ብቻ አይደለም፣ የሰው ዓይን ጠባይ ነው።

ከዚያ እህቴ ወረቀቱን ይዛ 24 ሜትር ድረስ ሄደች። ከዚያ ርቀት ወረቀቱ ነጠብጣብ አክሎ ይታያል። ንስሩ ግን ከዚያው ቦታ ሆኖ መስመሮቹ ወዴት እንደተኙ ይለያል ማለት ነው። ቁጥሩን ማንበብ ሌላ፣ ርቀቱን በእግር ሄዶ ማየት ሌላ ነው።

እየመሸ ሲሄድ ልኬቱን ደገምነው። የኔ ርቀት ብዙም ሳይቆይ ወደ 5 ሜትር ወረደ። የንስሩ ጥራት ደግሞ ብርሃን ሲቀንስ ከኛ በፈጠነ ሁኔታ እንደሚወድቅ ተለክቷል። ያ 140 የሚባለው በደማቅ ቀን የተገኘ ነው። ንስር ቀን አዳኝ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

እሑድ ጠዋት፣ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ፀሐዩ እስኪጠነክር ድረስ አንድ ስሌት ሠራሁ። የሚገርመው፣ ንስሩንም ንቧንም የሚገዛቸው አንድ ሕግ ነው። ብርሃን ሞገድ ነው። በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል። ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ምስሉ ይበልጥ ይደበዝዛል። ምንም ያህል ጥሩ ሌንስ ቢሆን ይህን አያመልጥም።

ለንስሩ እናስላው። በአረንጓዴ ብርሃን፣ ማለትም በ550 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት፣ 140 ጥንድ ለማሳለፍ የዓይን ብሌኑ ቀዳዳ ቢያንስ 4.4 ሚሊሜትር መከፈት አለበት። የኛ ብሌን በደማቅ ፀሐይ ወደ 2 ወይም 2.5 ሚሊሜትር ይጠባል። 2.5 ሚሊሜትር የሚያሳልፈው ቢበዛ ወደ 80 ጥንድ ነው። ስለዚህ ሬቲናችን የቱንም ያህል ቢሻሻል፣ በዚያ ቀዳዳ የንስሩን ምስል ማግኘት አንችልም። ንስሩ ትልቅ ዓይን የተሸከመው ለዚህ ነው። የዚያ የአውስትራሊያ ንስር ዓይን ከፊት ወደ ኋላ ወደ 35 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ የኛ 24 ነው። ወፉ ግን አራት ኪሎ ገደማ ነው የሚመዝነው! ዓይኑ ሲረዝም ሬቲናው ላይ የሚያርፈው ምስል ይሰፋል። ምስሉን የሚቀበሉት ኮን የሚባሉ ህዋሳት ደግሞ ቀጫጭን ሆነው ተጠጋግተው ተደርድረዋል።

እነዚህ ህዋሳት በጣም የሚጠጋጉበት ጎድጓዳ ቦታ ፎቪያ ይባላል። እኛ በአንድ ዓይን አንድ አለን። ብዙ አዳኝ ወፎች ሁለት አላቸው። ጥልቁና ይበልጥ አጥርቶ የሚያየው ወደ ጎን ነው የሚያነጣጥረው። ለዚህ ነው ጭልፊት ሩቅ ያለ ነገር ሲያይ ጭንቅላቱን ወደ ጎን ዘንበል የሚያደርገው። ማዕዘኑ 40 ዲግሪ ገደማ ነው።

ወደ ንቧ እንምጣ። የንብ ዓይን ከብዙ ጥቃቅን ሌንሶች የተሠራ ነው። ሠራተኛ ንብ በአንድ ዓይኗ ወደ 5,500 ሌንስ አላት። የአንዱ ስፋት 25 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ ከአንድ ሚሊሜትር አርባኛው። በዚያች ቀዳዳ አረንጓዴ ብርሃን ሲያልፍ ከ1.2 ዲግሪ በላይ ይበተናል። እያንዳንዱ ሌንስ ለምስሉ አንድ ነጥብ ብቻ ነው የሚሰጠው። ሌንሶቹን ማስፋት ይቻል ነበር፤ ያኔ ግን ቁጥራቸው ይቀንሳል፣ ወይም ዓይኑ ይገዝፋል። ኩኖ ኪርሽፌልድ የተባለው ተመራማሪ በ1976 እንዳሰላው፣ የሰውን ጥራት በንብ ዓይን አሠራር ለማግኘት ዓይኑ ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያስፈልገዋል።

ስለዚህ የንቧ ዓይን ደብዛዛ የሆነው ያልተሟላ ስለሆነ አይደለም። በዚያ መጠን ከዚህ የተሻለ ሊሆን አይችልም።

እሑድ ቀትር፣ ካሜራው

ተራ ካሜራ አልትራቫዮሌት አያነሳም። ምክንያቱ ሴንሰሩ አይደለም፤ ሴንሰሩ በተወሰነ ደረጃ ይቀበለዋል። ፊቱ ላይ የተለጠፈች መስታወት ናት አልትራቫዮሌቱንና ኢንፍራሬዱን የምትከለክለው። የኔ ካሜራ ያቺ መስታወት በባለሙያ የተነሳችለት ነው። በራሳችሁ ለመክፈት የምታስቡ ካላችሁ፣ ውስጡ ያለው የፍላሽ ኮንደንሰር ባትሪው ከወጣ በኋላም አደገኛ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ለሚያውቅ ሰው ተዉት።

ቀጥሎ ሌንሱ። ዘመናዊ ሌንስ ብዙ መስታወትና ቅብ አለው፤ አልትራቫዮሌቱን ይውጠዋል። የተሻለው ድሮ ለፎቶ ማጠቢያ ክፍል የተሠራ ቀላል የማጉያ ሌንስ ነው። እኔ የተጠቀምኩት 80 ሚሊሜትር የሆነ አሮጌ ኒኮር ነው።

ሦስተኛው ማጣሪያው ነው። ለዓይን ጥቁር መስሎ ይታያል፤ የሚያሳልፈው ግን ከ320 እስከ 380 ናኖሜትር ያለውን ነው። ርካሾቹ የአልትራቫዮሌት ማጣሪያዎች ኢንፍራሬድም ያሾልካሉ። ይህ የዚህ ሥራ ትልቁ ወጥመድ ነው። የተከፈተ ሴንሰር ለኢንፍራሬድ በጣም ስሱ ነው፤ ለአልትራቫዮሌት ደካማ ነው። ትንሽ የሾለከ ኢንፍራሬድ ምስሉን ሁሉ ይሸፍነዋል። አበባ ደግሞ ኢንፍራሬድን ከዳር እስከ ዳር ያንጸባርቃል። ዒላማው ይጠፋል፤ ወይም ደብዝዞ ይወጣና «ይህ አበባ ጥለቱ ደካማ ነው» ትላላችሁ።

መሹለክ አለመሹለኩን እንዴት እናውቃለን? ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው አረንጓዴዎቹን ቅጠሎች ማየት ነው። በእውነተኛ አልትራቫዮሌት ጨለም ያሉ ናቸው፤ በኢንፍራሬድ ነጭ ናቸው። ቅጠሉ ከነጣ ማጣሪያው ያሾልካል። ሁለተኛው እኔ የምወደው ነው። ከፖሊካርቦኔት የተሠራ የሥራ መከላከያ መነጽር ሌንሱ ፊት መያዝ። ይህ መነጽር ለዓይን ጥርት ያለ ነው፤ ኢንፍራሬድ ያሳልፋል፤ አልትራቫዮሌትን ግን ይከለክላል። ስለዚህ መነጽሩ ሲጋረድ ፎቶው ጥቁር መሆን አለበት። ምስል ከቀረ፣ ያ የቀረው ምስል በሙሉ ሾልኮ የገባ ነው።

በእጄ ያለውን ሁለት ማጣሪያ በዚህ መንገድ ፈተንኩ። ርካሹ ላይ መነጽሩ ተጋርዶም አበባው ቁልጭ ብሎ ታየ። ወዲያው አስቀመጥኩት። ባደር የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ዩ-ቬነስ የሚባለው ላይ ግን ምስሉ ጠፋ። በዚህኛው ቀጠልኩ።

እሑድ ከሰዓት፣ አበባው

የመረጥኩት መሀሉ ቡናማ የሆነ መካከለኛ የሱፍ አበባ ነው። ከዳር እስከ ዳር 10 ሴንቲሜትር። ቡናማው መሀል 4 ሴንቲሜትር ነው፤ ዙሪያውን ያሉት ቢጫ ቅጠሎች እያንዳንዳቸው 3 ሴንቲሜትር ይወጣሉ። ቢጫው ከሥሩ እስከ ጫፉ ለኔ አንድ ዓይነት ነው። በማጉያ መነጽር ሳይቀር ወሰን ፈልጌ አጣሁ።

ካሜራው መቆሚያ ላይ፤ ፀሐዩ ከኋላዬ። አበባው አጠገብ የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ነጭ የቴፍሎን ጥቅል ደርቤ አስቀመጥኩ። ቴፍሎን አልትራቫዮሌትንም የሚታየውንም ብርሃን በእኩል ያንጸባርቃል፤ ስለዚህ ለነጭ መለኪያ ይሆናል። ነጭ ወረቀት ለዚህ አይሆንም። ወረቀት እንዲነጣ የሚጨመርበት ኬሚካል አልትራቫዮሌቱን ይውጠዋል።

በአልትራቫዮሌት ብርሃኑ አነስተኛ ስለሆነ አንዱ ፎቶ ወደ ሁለት ሴኮንድ ይፈጃል። ትንሽ ንፋስ ያበላሸዋል። ግንዱን በእንጨት ደግፌ አሰርኩት። ፎከሱም ይለወጣል፤ በሚታየው ብርሃን ያስተካከላችሁት ለአልትራቫዮሌት አይሆንም። ማጣሪያውን ካደረጉ በኋላ ስክሪኑ ላይ አጉልቶ እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል።

ከዚያ ምስሉ መጣ። ቡናማው መሀል ጥቁር ነው። ጥቁሩ ግን እዚያ አላቆመም። ወደ ቢጫዎቹ ቅጠሎች ገብቶ 1.2 ሴንቲሜትር ያህል ሄደ። ከዚያ በላይ ያለው የቅጠሉ ክፍል ብሩህ ሆነ። ለኔ 4 ሴንቲሜትር የነበረው ጥቁር መሀል በአልትራቫዮሌት 6.4 ሴንቲሜትር ነው። ወሰኑን ጠጋ ብዬ አየሁት። እንደ ተቆረጠ መስመር አይደለም፤ በየቅጠሉ ጅማት ጅማት ላይ ትንሽ እየዘለቀ የሚሄድ ነው።

ጥቁሩን ያመጡት ፍላቮኖል የሚባሉ ውህዶች ናቸው። ቢጫ ቀለሙን የሚሰጡት ካሮቲኖይዶች ሌሎች ናቸው፤ ከሥር እስከ ጫፍ አሉ። ፍላቮኖሎቹ ለኛ ዓይን የማይታዩ ሆነው በሥሩ ላይ ብቻ ተከማችተዋል። በ2022 የወጣ የዱር ሱፍ አበባ ጥናት ደግሞ የጥለቱን ስፋት በዋናነት የሚወስነውን አንድ ጂን ለይቷል፤ ስሙ HaMYB111 ነው። በደረቅ አካባቢ የሚበቅሉት ሰፋ ያለ ጥቁር መሀል እንዳላቸውም አሳይቷል። ውህዶቹ ቅጠሉ ውሃ እንዳያጣ ስለሚያግዙ ነው ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ጥለቱ ለንብ ብቻ የተሠራ ምልክት አይደለም። ይህን ነጥብ ብዙዎች ይዘሉታል፤ እኔ ግን ከሁሉም የገረመኝ እሱ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ። በአልትራቫዮሌት ባትሪ አበባ አብርተው የአበባው ብናኝ ሲያበራ የሚያነሱ አሉ። የሚያምር ፎቶ ነው። ግን ያ ሌላ ነገር ነው። አበባው አልትራቫዮሌቱን ውጦ የሚታይ ብርሃን መልሶ ሲያወጣ ነው የምናየው። እኔ የምፈልገው አበባው ራሱን አልትራቫዮሌቱን የት እንደሚያንጸባርቅና የት እንደሚውጥ ነው። ንቧ በቀን የምታገኘው ይህንኛውን ነው።

ሰኞ ማታ፣ ሦስቱን ቀለም ማዋሀድ

ንብም እንደኛ ሦስት ዓይነት ቀለም ተቀባይ አላት፤ ግን ቦታቸው የተለየ ነው። አንዱ በ344 ናኖሜትር፣ አልትራቫዮሌት ላይ። ሁለተኛው በ436፣ ሰማያዊ ላይ። ሦስተኛው በ544፣ አረንጓዴ ላይ። ቀይ የላትም። እኛ ደግሞ አልትራቫዮሌት የሌለን ሌንሳችን ስለሚያጣራው ነው። በዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ሌንሳቸው ወጥቶ ያልተተካላቸው ሰዎች ለሰማያዊ የቀረበ ነጣ ያለ ብርሃን አድርገው ያዩታል።

ለማየት እንዲመቸን ሁሉንም አንድ ደረጃ ወደ ቀይ እናንሸራትታለን። የንቧ አረንጓዴ ለኛ ቀይ፣ ሰማያዊዋ ለኛ አረንጓዴ፣ አልትራቫዮሌቷ ለኛ ሰማያዊ ይሆናል። በሚታየው ብርሃንና በአልትራቫዮሌት ያነሳኋቸውን ሁለት ፎቶዎች አንድ ላይ እንዲገጥሙ ካስተካከልኩና ቴፍሎኑ በሁሉም እኩል ነጭ እንዲሆን ካደረግኩ በኋላ ImageMagick በሚባለው የምስል ፕሮግራም ትእዛዙ ይኸው፦

```
convert visible.png -channel G -separate g.png
convert visible.png -channel B -separate b.png
convert uv.png -colorspace Gray u.png
convert g.png b.png u.png -combine bee.png
```

የቅጠሎቹ ጫፍ ደማቅ ሐምራዊ ሆነ፤ አረንጓዴና አልትራቫዮሌት አንድ ላይ ስለሚያንጸባርቅ። ሥሩ ቀይ ሆነ፤ አረንጓዴውን ብቻ ስለሚያንጸባርቅ። መሀሉ ጥቁር ነው። ቀለሞቹ የኛ ምርጫ ናቸው፤ ንቧ ውስጧ ምን እንደሚሰማት አይነግሩንም። የሚነግሩን ልዩነት የት እንዳለ ብቻ ነው። ሌላም ገደብ አለ፦ ካሜራዬ ይበልጥ የሚሠራው ከ360 እስከ 380 ባለው ላይ ነው፤ የንቧ ጫፍ 344 ነው። የሱፍ አበባ ፍላቮኖሎች በዚህ ሰፊ ክልል ስለሚውጡ እዚህ ብዙ አያሳስብም። ለሌላ አበባ ግን ሊያሳስብ ይችላል።

ረቡዕ ማታ፣ ማደብዘዙ

ወደ ዋናው ጥያቄ ደረስኩ። የአንዷ የንብ ሌንስ የእይታ ስፋት 2.6 ዲግሪ ያህል ነው። ይህ በማደብዘዣው ቋንቋ፣ ሲግማ በሚባለው የብዥታ ስፋት መለኪያ፣ 1.1 ዲግሪ ይሆናል። ምስሌ ላይ አበባው 1000 ፒክስል ይሞላል። ከ30 ሴንቲሜትር ሲታይ 10 ሴንቲሜትሩ አበባ 18.9 ዲግሪ ይይዛል። አንድ ዲግሪ 53 ፒክስል ነው፤ ሲግማው 58 ፒክስል።

```
convert bee.png -colorspace RGB -blur 0x58 -colorspace sRGB bee30.png
```

መጀመሪያ ወደ ቀጥተኛ የብርሃን መጠን መመለሱ ግድ ነው፤ አለዚያ ጨለማው ከሚገባው በላይ ያሸንፋል። ለ10 ሴንቲሜትር ርቀት ሲግማው 21 ይሆናል፤ ለአንድ ሜትር 192።

በአንድ ሜትር አበባው አንድ የፈሰሰ ሮዝማ እድፍ ነው። ቅጠል የለም፣ ዒላማ የለም። በ30 ሴንቲሜትር ጨለም ያለ መሀልና ሐምራዊ ጠርዝ ይለያል፤ የቅጠሎቹ ቅርጽ ግን ገና የለም። በ10 ሴንቲሜትር ጥለቱ ግልጽ ሆነ፤ የቅጠሎቹ ጫፍም መታየት ጀመረ።

ግን ይህ የሌንሷ ወሰን ብቻ ነው። ንቧ ያየችውን ሁሉ ትጠቀምበታለች ማለት አይደለም። ማርቲን ጁርፋና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ ንቦችን በክብ ምልክቶች አሰልጥነው ያገኙት ነገር እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። ክቡ ለአረንጓዴ ተቀባይዋ ከጀርባው የሚለይ ከሆነ 5 ዲግሪ ሲሞላ ታውቀዋለች። በቀለም ብቻ የሚለይ ከሆነ ግን 15 ዲግሪ መሙላት አለበት። ሩቅ ያለውን የምታየው በአረንጓዴው ብቻ ነው፤ ቀለም የሚመጣው ቀርባ ነው።

አሁን የኛን አበባ እንየው። የቅጠሉ ሥርና ጫፍ ለአረንጓዴው ተቀባይ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ቢጫ ናቸው። የሚለያዩት በአልትራቫዮሌት ብቻ ነው። ስለዚህ ያ የሰፋው ጥቁር መሀል በሩቁ የእይታ መንገድ ጭራሽ የለም! በቀለሙ መንገድ ነው የሚመጣው። ስሌቱ ይህን ይሰጣል። 10 ሴንቲሜትሩ አበባ 5 ዲግሪ የሚሞላው ከ1.15 ሜትር ነው፤ ከዚያ ጀምሮ «አንድ ነገር አለ» ትላለች። 15 ዲግሪ የሚሞላው ከ38 ሴንቲሜትር ነው፤ ቀለሙ ያን ጊዜ ይመጣል። 6.4 ሴንቲሜትሩ የአልትራቫዮሌት መሀል 15 ዲግሪ የሚሞላው ደግሞ ከ24 ሴንቲሜትር ነው። ሙከራው የተሠራው በወጥ ክብ እንጂ በአበባ ስላልሆነ ይህን እንደ ግምት ያዙት። ግምቱ ግን መንገዱን ያሳያል፦ ዒላማው ከሩቅ የሚጠራ ምልክት አይደለም። አበባው ጋ ደርሳ ልታርፍ ለተቃረበች ንብ ነው የሚሠራው።

ሐሙስ፣ ያንኑ አበባ በንስር ዓይን

ለሙላቱ አንድ ስሌት ጨመርኩ። የቅጠሉ ብሩህ ጫፍ 1.8 ሴንቲሜትር ስፋት አለው። 140 ጥንድ ለሚለይ ዓይን፣ በደማቅ ብርሃን፣ ያን የሚያህል ስፋት በስሌት ከ280 ሜትር በላይ ይለያል። ንስሩ ግን እዚያ ጥለት አያገኝም ማለት ይቻላል። የብዙ አዳኝ ወፎች ኮርኒያና ሌንስ አብዛኛውን አልትራቫዮሌት ያጣራሉ። ለአጭር ሞገድ የተመደበው ተቀባያቸውም ቫዮሌት ላይ እንጂ አልትራቫዮሌት ውስጥ ገብቶ አይደለም።

ይህ ለጥራት የሚከፈል ዋጋ ይመስለኛል። አንድ ሌንስ አጭርና ረጅም ሞገድን እኩል ቦታ ላይ አይሰበስብም። አልትራቫዮሌቱ ከሌላው ቀድሞ፣ ከሬቲናው ፊት ይሰበሰባል፤ ስለዚህ ሬቲናው ላይ ሲደርስ የጭጋግ ጠርዝ ይፈጥራል። አልትራቫዮሌት ስመለከት ፎከሱን እንደገና ያስተካከልኩት በዚሁ ምክንያት ነው። ካሜራዬ አንዱን በአንድ ጊዜ፣ ሌላውን በሌላ ጊዜ ማንሳት ይችላል። ንስሩ በአንድ ቅጽበት ነው የሚያየው። ለንቧ ግን ይህ ጭንቀት አይደለም። ሌንሷ ያን ያህል ጥራት ስለሌላት የሚጠፋባት ነገር የለም።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ታሪክ አለ። በ1995 የወጣ ጥናት ኬስትረል የምትባለው ትንሽ ጭልፊት የመስክ አይጦችን የሽንት ዱካ በአልትራቫዮሌት እያየች ታድናለች ብሎ ነበር። ሐሳቡ እስከ ዛሬ በየቦታው ይደገማል። በኋላ የወፎቹ ዓይን ምን ያህል አልትራቫዮሌት እንደሚያሳልፍና ሽንቱ ምን ያህል እንደሚያንጸባርቅ ሲለካ፣ ዱካው ለነሱ እምብዛም ጎልቶ የሚታይ ሆኖ አልተገኘም። ስለ አዳኝ ወፍ ስትጽፉ ይህን ባትደግሙት ደግ ነው።

ቅዳሜ፣ ነጭ አበባ

ካሜራው ገና ቆሞ ስለነበር አንድ ነጭ ዴዚም አነሳሁ። ከሱፍ አበባው አጠገብ፣ ከዚያው ቴፍሎን ጋር፣ በዚያው ብርሃን። ነጭ የምንለው ቅጠሏ በአልትራቫዮሌት ጨለማ ነው፤ ቴፍሎኑ ብቻ ነጭ ሆኖ ይታያል። አብዛኞቹ ነጭ አበቦች እንዲሁ ናቸው። ለንቧ ነጭ ለመሆን ሦስቱንም ማንጸባረቅ አለባቸው፤ አንዱ ጎድሏል። በቀየርኩት ምስል ላይ ዴዚዋ ቀይና አረንጓዴ ተደባልቀው ቢጫ ሆና ወጣች፤ በንቧ ቋንቋ ሰማያዊ-አረንጓዴ ማለት ነው። ስፋቷ 3 ሴንቲሜትር ነው። በ5 ዲግሪው ስሌት መኖሯ ከ34 ሴንቲሜትር፣ በ15ቱ ደግሞ ቀለሟ ከ11 ሴንቲሜትር ጀምሮ ይታያል። የሁለቱንም አበቦች ፋይሎች ከየርቀታቸው ጋር በአንድ ፎልደር አስቀምጫለሁ።